"የሚመለከተው አካል" ማን ነው? የማዳበሪያው ግዥ ባለቤት ሲጠፋ

በመንግሥት አማርኛ ውስጥ እንደ "የሚመለከተው አካል" ያለ ምቹ መደበቂያ የለም። ስም የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ስልክ አያነሳም፤ ነገር ግን ሁሉ ነገር የሚጠበቀው ከእሱ ነው። "ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት" የምትለዋ ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት። በዚህች ሐረግ የተጀመረ ሥራ ሲሳካ አመስጋኙ ብዙ ነው፤ ሲበላሽ ግን ማንን እንደምትጠይቅ አታውቅም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሐረግ አይደለም፤ ስለ ማዳበሪያ ነው። የምከራከርበትንም ነጥብ ከወዲሁ ልናገር። ማዳበሪያ በየዓመቱ ጎጃም የሚዘገየው የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ከቀበሌ እስከ ጅቡቲ ድረስ ያለው የግዥ ሰንሰለት ግማሹ ሁለት ባለቤት ያለው፣ ግማሹ ምንም ባለቤት የሌለው ስለሆነ ነው። ይህንን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መሬቱ ታርሶ፣ ዝናቡ ገብቶ፣ ማዳበሪያ የለም ተባለ። በአማራ ክልል የተለያዩ አካባቢዎች አርሶ አደሮች አደባባይ ወጡ፤ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው የጮኹም ነበሩ። ከዚያ የመልሱ ቅብብሎሽ ተጀመረ። ከክልል በኩል የጠየቅነውን ያህል አልቀረበልንም ተባለ። ከፌዴራል በኩል ግዥው ተፈጽሟል፣ እየተጓጓዘ ነው፣ ችግሩ ሥርጭቱ ላይ ነው ተባለ። ወረዳ ዞንን አሳየ፣ ዞን ክልልን። በመካከሉ ማዳበሪያው በጥቁር ገበያ ከመደበኛው ዋጋ በብዙ ከፍ ብሎ ይሸጥ ነበር።

ከእነዚህ መልሶች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ውሸት የነበረ ላይኖር ይችላል። የሚያስፈራውም ይኼው ነው። ሁሉም የየድርሻውን እውነት እየተናገረ ማሳው ግን ባዶውን ሊዘራ ይችላል።

*ቀኑ ለምን ይገድላል?*

ከተማ ተቀምጦ "ትንሽ ዘገየ" ማለት ቀላል ነው። ጎዛምን፣ ማቻክል ወይም አነደድ ላይ ግን ማዳበሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ የመዘግየቱም ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው።

ዳፕም ሆነ እሱን የተካው ኤንፒኤስ ፎስፈረስ የያዘ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ውኃ አይሄድም፤ ካስቀመጥክበት ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከዘሩ ጋር፣ ከሥሩ አጠገብ መግባት አለበት። ከዘር በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቢደርስ ላዩ ላይ መበተን ገንዘብን እንደ መበተን ነው። ዩሪያ ሌላ ነው። የተወሰነው በዘር ጊዜ፣ ቀሪው ሰብሉ ሲያቆጠቁጥ ስለሚጨመር ትንሽ መዘግየትን ይችላል።

እንግዲህ ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ኤንፒኤስ "ደርሷል" ተብሎ ሪፖርት ይጻፍለታል። ለቆላውና ለወይና ደጋው በቆሎ ግን አልደረሰም፤ ለብዙው ስንዴም አልደረሰም፤ ለጤፉ ለጥቂት ሊደርስ ይችላል። ሪፖርቱ የሚቆጥረው ኩንታል ነው፤ ገበሬው የሚቆጥረው ቀን ነው። በዚህ ግዥ ውስጥ ቀኑን የሚጠብቅ ባለቤት ከሌለ የኩንታሉ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

*ሰንሰለቱ*

ማዳበሪያ እንዴት እንደሚገዛ በአጭሩ እንየው። የቀበሌ የልማት ሠራተኛ ፍላጎት ይመዘግባል። ምዝገባው በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በዞን ግብርና መምሪያና በክልል ግብርና ቢሮ እየተደመረ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ሚኒስቴሩ የአገሪቱን ጠቅላላ መጠን ያወጣል። ዓለም አቀፍ ጨረታ አውጥቶ የሚገዛው በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው።

ጨረታው ካለቀ በኋላ ገንዘቡ ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው ውስጥ አለበት፣ ገንዘብ ሚኒስቴር አለበት፣ ንግድ ባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይከፍታል። ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ የጭነት መኪና። ማዳበሪያው ምሥራቅ ጎጃም ሲገባ የሚረከበው ደብረ ማርቆስ ያለው የጎዛምን ዩኒየን ዓይነት የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ማኅበራት ያከፋፍላል፤ ማኅበሩ ለገበሬው ይሸጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ፣ የወረዳው አስተዳደርና በየደረጃው የሚቋቋመው "የግብዓት ግብረ ኃይል" አሉ።

ከአሥር በላይ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። የተቋማቱ መብዛት በራሱ ጥፋት አይደለም። ማዳበሪያ በየዓመቱ ከአሥር ሚሊዮን ኩንታል በላይ የሚገባበት አገር ላይ አንድ ቢሮ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

*አራት ቃላት*

በፕሮጀክት አስተዳደር ሰዎች ዘንድ ሬሲ የሚባል ሠንጠረዥ አለ። ስሙ ከአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተሠራ ነው። አሠራሩ የዋህ ይመስላል። በግራ በኩል ሥራዎቹን ወደ ታች ትደረድራለህ። ከላይ በኩል ሰዎቹን ወይም ክፍሎቹን ወደ ጎን ትደረድራለህ። ሥራና ሰው በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ከአራቱ አንዱን ትጽፋለህ፤ ድርሻ ለሌለው ባዶውን ትተዋለህ።

በእኛ ቋንቋ አራቱን እንዲህ ብላቸው ያስኬዳል። *ሠሪ* ሥራውን በእጁ የሚሠራው ነው። *ተጠያቂ* ሥራው በቀኑ መፈጸሙን የሚያረጋግጠው፣ ሳይፈጸም ሲቀር ቆሞ መልስ የሚሰጠው ነው። *አማካሪ* ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ሐሳቡ የሚጠየቀው ነው። *ግልባጭ* ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲያውቀው የሚደረግ ነው እንጂ የሚወስን አይደለም።

ሠሪ ብዙ ሊሆን ይችላል። አማካሪም እንዲሁ፣ ግን ሲበዛ ሥራ ያቆማል። ግልባጭ የፈለገውን ያህል ይሁን። የማይታጠፈው ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ረድፍ ላይ ተጠያቂ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ከሆኑ ተጠያቂ የለም። ዜሮ ከሆነም የለም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። "ኃላፊ" የምንለው ቃል አለቃ ማለትም ነው፣ ሥራው የተሰጠው ሰው ማለትም ነው፣ የሚጠየቅ ማለትም ነው። "ኃላፊነትና ተጠያቂነት" እያልን ሁለቱን እንደ መንታ ስለምናነሳቸው የተለያዩ መሆናቸውን ረስተናል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ምዝገባውን ይሠራል። የምዝገባው ቁጥር ትክክል ባይሆን አዲስ አበባ ላይ ሊጠየቅ የሚችለው ግን እሱ አይደለም። ባለን ልማድ ግን ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚገመገመው እሱ ነው፤ ሠሪውን ተጠያቂ እናደርግና ተጠያቂውን ግልባጭ እናደርጋለን።

አሁን የማዳበሪያውን ሰንሰለት በዚህ ሠንጠረዥ ላይ እናስቀምጠው። ሁሉንም ረድፍ አላነሳም። አራቱ ይበቃሉ።

*ረድፍ አንድ፦ ስንት ይገዛ?*

ሠሪዎቹ ግልጽ ናቸው፤ ከቀበሌ እስከ ክልል ያሉት የግብርና ሰዎች። ተጠያቂው ግን ማን ነው? ክልሉ ጥያቄ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቁጥር አያጸድቅም። ሚኒስቴሩ ቁጥሩን ያጸድቃል፤ መነሻው ግን የክልሎች ጥያቄ ነው ይላል። የሚገዛው በተገኘው ምንዛሬ ልክ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩን በተግባር የወሰነው ገንዘቡን የያዘው ነው።

በዚህ መካከል ሁሉም የሚያውቀው ጨዋታ አለ። ወረዳው የሚቀነስበት ስለሚመስለው ጨምሮ ይጠይቃል። በላይ ያለው እንደጨመረ ስለሚያውቅ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የተገኘው ቁጥር የገበሬው ፍላጎት ሳይሆን የሁለት ጥርጣሬዎች አማካይ ነው። በሬሲ ቋንቋ ይህ ረድፍ ሦስት ተጠያቂዎች አሉት፤ ስለዚህ ምንም የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተጠየቀው ቁጥር ተጠያቂ የክልሉ ግብርና ቢሮ ኃላፊ ይሁን። የጸደቀው ቁጥር ተጠያቂ ሚኒስትሩ ይሁን። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ረድፎች ናቸው፤ ሁለቱም በየወረዳው ተዘርዝረው ይለጠፉ። ያን ጊዜ የማቻክል ገበሬ የጠየቀው የት ላይ እንደተቆረጠ ያያል።

*ረድፍ ሁለት፦ ከአሸናፊው እስከ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ*

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ባዶ ሳጥን ይህ ነው። ኮርፖሬሽኑ ጨረታውን አካሂዶ አሸናፊውን ለይቶ ውል ፈርሟል እንበል። በእሱ ሪፖርት ላይ ግዥው አልቋል። አቅራቢው ግን ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሳይከፈትለት መርከብ አይጭንም። በውሉና በክፍያው ሰነድ መካከል ያለው ጊዜ የማን ነው? የኮርፖሬሽኑ አይደለም፤ ምንዛሬ አያትምም። የንግድ ባንኩም አይደለም፤ ምንዛሬ ሳይመደብለት አይከፍትም። የብሔራዊ ባንኩም አይደለም፤ የማዳበሪያ ዘመቻ አያውቅም፤ ነዳጅም መድኃኒትም ከፊቱ ተሰልፈዋል።

ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል የዓለም ዋጋ ይንቀሳቀሳል። የጨረታ ዋጋ ደግሞ ለዘላለም አይቆምም፤ የሚጸናበት የተወሰነ ጊዜ አለው። ጊዜው ሲያልፍ አቅራቢው ዋጋ ጨምሩ ሊል ወይም ሊወጣ ይችላል፤ ጨረታው እንደገና ይጀመራል። ወር የጠፋበት ቦታ የትኛውም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አይገኝም፤ የጠፋው በጠረጴዛዎቹ መካከል ነው።

ለዚህ ረድፍ ተጠያቂ ሊሆን የሚችለው ከባንኩም ከኮርፖሬሽኑም በላይ ሆኖ ሁለቱንም ማዘዝ የሚችል አንድ ባለሥልጣን ነው። ገንዘብ ሚኒስትሩ ይሁን ወይም ሌላ፣ መንግሥት ይምረጥ። ግን ስሙ ይጻፍ፣ ቀኑም ይጻፍ።

*ረድፍ ሦስት፦ ከጅቡቲ እስከ ዩኒየኑ መጋዘን*

አንድ መርከብ 50 ሺህ ቶን ጭኖ መጣ እንበል። አንድ ባለ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን መርከቡን ለማራገፍ 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። ሌላ መርከብ ሲከተል ወደቡ ይጨናነቃል፤ ማዳበሪያ ከስንዴና ከሌላው ጭነት ጋር ለመኪና ይሻማል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ሌላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት።

እዚህም ኮርፖሬሽኑ አለ፣ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅቱ አለ፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ አለ፣ የመኪና ማኅበራት አሉ፣ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የጸጥታው ሰዎች አሉ። "መጓጓዝ ጀምሯል" የሚለው ዜና ከወደብ የወጣችውን የመጀመሪያ መኪና ይነግረናል። የመጨረሻዋ መኪና የምትደርስበትን ቀን ግን ማንም አይነግረንም፤ ምክንያቱም የዚያች መኪና ባለቤት የለም።

*ረድፍ አራት፦ የጎደለውን ማን ይደልድል?*

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ጎዛምን ወረዳ ውስጥ 800 አባላት ያሉት አንድ መሠረታዊ ማኅበር አለ እንበል። እያንዳንዱ ሦስት ኩንታል ተመዝግቧል። ድምሩ 2,400 ኩንታል፣ ማለትም ስድስት ባለ ተሳቢ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ አራት መኪና ደረሰ። በመጋዘኑ 1,600 ኩንታል አለ፤ 800 ይጎድላል።

ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለየሰው ሁለት ኩንታል ይደርሳል። ለመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች ሦስት ሦስት ቢሰጥ 533 ሰው ይወስዳል፣ 267 ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በኩታ ገጠም ለሚያርሱት ቅድሚያ ይሰጥ የሚልም ይኖራል። ሦስቱም መንገዶች ምክንያት አላቸው፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ማን ነው? የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዝርዝሩ ከግብርና ነው የሚመጣው ይላል። የልማት ሠራተኛው እኔ ዝርዝር እሰጣለሁ እንጂ አልሸጥም ይላል። የቀበሌው አስተዳዳሪ ማኅተም ያደርጋል። የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ሂሳቡን ይቆጣጠራል። የወረዳው ግብረ ኃይል ስብሰባ ላይ ነው።

ባለቤት የሌለው ውሳኔ ሳይወሰን አይቀርም፤ በጨለማ ይወሰናል እንጂ። በዘመድ፣ በትውውቅ፣ በጉቦ፣ ወይም ጠዋት ቀድሞ በደረሰ። በየወረዳው የሰማነው የማዳበሪያ ሌብነት ወሬ ሁሉ የሚበቅለው በዚህች አንዲት ባዶ ሳጥን ላይ ነው። ሌባ ክፉ ልብ ብቻ አይበቃውም፤ ማንም የማይጠየቅበት ክፍተትም ይፈልጋል።

የጠፉትን ሁለት መኪኖች ደግሞ ተከተላቸው። ማኅበሩ ዩኒየኑ ጋ ይደውላል። ዩኒየኑ ከማዕከላዊ መጋዘን አልተለቀቀልንም ይላል። ማዕከሉ ድልድሉን የሚሰጠን ክልሉ ነው ይላል። ክልሉ በድልድላችን መሠረት ልከናል ይላል። ግብርና መምሪያው ሪፖርት አድርገናል ይላል። አራት ስልክ፣ አራት ትሁት መልስ፣ ዜሮ ኩንታል። ሠንጠረዡ በትክክል ተሞልቶ ቢሆን ስልኩ አንድ ነበር።

*"ግብረ ኃይል" ተጠያቂ አይሆንም*

ማዳበሪያ ሲዘገይ የተለመደው መልስ ግብረ ኃይል ማቋቋም ነው። እኔ ግብረ ኃይልን አልቃወምም፤ አማካሪ ሆኖ ይቀመጥ። ተጠያቂ ግን ሊሆን አይችልም። አሥራ አንድ ሰው የተቀመጠበትን ስብሰባ ስም ጠርተህ መጠየቅ አትችልም። ቃለ ጉባኤው ላይ "አቅጣጫ ተቀምጧል" ይላል። አቅጣጫውን ያስቀመጠው ተሰብሳቢው ነው፤ የሚከተለው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

አንድ ሠንጠረዥ ጤነኛ መሆኑን የምታውቅበት መንገድ ይህ ነው። ወደ ጎን አንብበው፦ በአንድ ረድፍ ሁለት ተጠያቂ ካለ ጠብ አለ፤ ምንም ከሌለ ባዶ ነው፤ አማካሪው ከአምስት ከበለጠ ውሳኔው አይወጣም። ወደ ታች አንብበው፦ አንድ ሰው በሁሉም ረድፍ ላይ ተጠያቂ ከሆነ ስሙ ለጌጥ ነው የገባው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይህ ተጠያቂ የተባለ ሰው ሥራውን የማዘዝ ሥልጣን አለው? ከሌለው ያገኘኸው ተጠያቂ አይደለም፤ የሚታሰር ሰው ነው።

*ተቃውሞዎቹን እንስማ*

አንደኛው፦ "ችግሩ ምንዛሬና ጦርነት ነው፤ ሠንጠረዥ ዶላር አይወልድም።" እውነት ነው፣ አይወልድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሠንጠረዥ መኪና አያሳልፍም። ነገር ግን እጥረት ባለበት አገር ተጠያቂ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ተጠያቂ ማለት ሁሌ "ተሳክቷል" የሚል ሰው አይደለም። በቀኑ "አይደርስም" ብሎ የሚናገር ሰውም ነው። የካቲት ላይ የዘንድሮው ኤንፒኤስ ግማሽ ነው ተብሎ ቢነገረው የጎጃም ገበሬ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ያለችውን ለስንዴው ያደርጋል፣ ቀሪውን መሬት ግብጦ ወይም ሌላ ማዳበሪያ ብዙ የማይፈልግ ሰብል ያስይዘዋል። ሰኔ ላይ የተነገረ "የለም" ግን ምርጫ አይተውለትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፦ "ቢፒአር አየን፣ ቢኤስሲ አየን፣ ካይዘን አየን፤ ይኼም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።" ይህን የሚሉትን እረዳቸዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ፀሐይ የበላው የሥራ ፍሰት ሥዕል ተሰቅሏል። እነዚያ የከሸፉበት አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለብቻው ስለሠራቸው ነው። ኮርፖሬሽኑ በራሱ መለኪያ መቶ በመቶ ሊያመጣ ይችላል፤ ባንኩም እንዲሁ፤ ዩኒየኑም እንዲሁ። ማዳበሪያው የሚጠፋው ግን በተቋማቱ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ነው። እኔ የምለው ሠንጠረዥ የአንድ ቢሮ አይደለም፤ ከቀበሌ ምዝገባ እስከ ገበሬው ጀርባ የሚዘልቅ አንድ ወረቀት ነው። በኮሪደር ላይም አይሰቀል፤ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ይለጠፍ።

ሦስተኛው ከግዥ ባለሙያዎች የሚመጣ ነው፦ "የግዥ ሕግ ሥልጣንን የሚከፋፍለው ሆን ብሎ ነው። የሚገዛው፣ የሚያጸድቀውና የሚከፍለው አንድ ሰው ከሆነ ሌብነት ነው።" ትክክል። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ 649/2001 የግዥ ክፍሉን ከግዥ አጽዳቂ ኮሚቴው የለየው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ሲተካም ሐሳቡ አልተጣለም። ሬሲ ይህን አያፈርስም። መገምገም አንድ ረድፍ ነው፣ ማጽደቅ ሌላ ረድፍ ነው፣ መክፈል ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ሰው ተጠያቂ ይሁን። ሥልጣንን መከፋፈልና አንድን ውሳኔ ለሦስት ሰው መስጠት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሌባን ይከላከላል፤ ሁለተኛው ሌባን ይደብቃል።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለውን የሚጠቅስልኝም አይጠፋም። ለመጋዘን ይሠራል፣ ለአቅራቢም ይሠራል፤ ሁለት አቅራቢ ይኑር። ለተጠያቂነት ሲሆን ግን ተረቱ ይገለበጣል፦ አንዱ ሲጠየቅ በሌላው ይንጠለጠላል።

*ወደኋላ እንቁጠር*

ሠንጠረዡ ያለ ቀን ባዶ ነው። ቀኑን ደግሞ ከበጀት ዓመት ሳይሆን ከዘር ቀን ወደኋላ መቁጠር ነው። የራሴ ስሌት ይህን ይመስላል፤ ባለሙያ ያርመው።

የደብረ ማርቆስ አካባቢ ስንዴና ጤፍ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ይዘራል፤ በቆሎው ይቀድማል። ስለዚህ ኤንፒኤሱ ግንቦት 30 በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን መሆን አለበት። ከዩኒየን ወደ ማኅበራት ለማድረስ አንድ ወር ስጠው፤ ሚያዝያ 30 ዩኒየኑ ዘንድ ይሁን። ለመኪናው ምልልስ አንድ ወር፤ የመጨረሻው መርከብ መጋቢት 30 ጅቡቲ ይሁን። ከሞሮኮም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው ለመጫን፣ ለመጓዝና ለመራገፍ ሁለት ወር ያዝ፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ እስከ ጥር 30 ይከፈት። ጨረታውና ውሉ እስከ ታኅሣሥ ይለቅ። ይህ እንዲሆን ጥያቄው መስከረም 30 መዘጋት አለበት።

እያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ነው። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን አንድ የሥራ መደብ ይጻፍ። ቀኑ ባለፈ ማግስት የዚያ መደብ ሰው ወጥቶ በሕዝብ ፊት ይናገር፦ ተፈጽሟል፣ ወይም አልተፈጸመም፤ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ አዲሱ ቀን ይኼ ነው። ጥር 30 ላይ ዝም ከተባለ ሰኔ ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሰኔን ለመገመት ሰኔን መጠበቅ የለብንም።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የጎጃም ገበሬ ጮኾ ያውቃል፤ የሚጮኸው ግን ሰኔ ላይ፣ መፍትሔ ካለፈ በኋላ ነው። ጥር ላይ መጮህ የእኛ፣ የጋዜጠኞቹና የምክር ቤት አባላቱ ሥራ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግብርና ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሚኒስቴሩን ሲጠራ "አፈጻጸሙ ምን ይመስላል?" ብሎ መጠየቁን ይተው። ያ ጥያቄ ሁልጊዜ በመቶኛ ይመለሳል። ይልቅ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያንብብ፦

1. ከክልሉ የተጠየቀው ቁጥር በየወረዳው የት ነው የተለጠፈው? ልዩነቱን ያጸደቀው ማን ነው?
2. የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ቀን ቢያልፍ የሚጠየቀው አንድ ሰው ማን ነው?
3. ከወደብ የምትነሳው የመጨረሻ መኪና መቼ ነው የምትደርሰው? ማን ይፈርምበታል?
4. ማዳበሪያው ቢጎድል በምን ደንብ ይካፈላል? ያንን ደንብ የሚወስነው የማን ፊርማ ነው?

ለአራቱም መልሱ "የሚመለከተው አካል" ከሆነ፣ የዘንድሮውን ሰኔ ከአሁኑ አይተነዋል ማለት ነው።